ከማን የተነጠሉ መናፍቃን?

መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ማለዳ፣ በቶኪዮ ከተማ አምስት ሰዎች በአምስት የምድር ውስጥ ባቡሮች ተሳፈሩ፤ እያንዳንዳቸውም በጋዜጣ የተጠቀለለ የላስቲክ ከረጢት ይዘው ነበርና፣ ያንን ከእግራቸው ሥር አኑረው፣ ጫፉ በተሳለ ጃንጥላ ወግተው፣ ባቡሩ ሲቆም ወርደው ሄዱ። ከከረጢቶቹ የፈሰሰው ሳሪን የተባለው የነርቭ መርዝ 13 ሰዎችን ገደለ፤ ከስድስት ሺህ የሚበልጡትን ጎዳ፤ አሥራ አራተኛዋ ሟች ደግሞ ለ25 ዓመታት ስትማቅቅ ኖራ በ2012 ዓ.ም. ዐረፈች። (በዚህ ሐተታ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ ጋዜጣ የውጭ ዜና ክፍል ጀማሪ ተርጓሚ ነበርሁ። ጥርጣሬው ኦም ሺንሪክዮ ወደ ተባለው ማኅበር በዞረ ጊዜ፣ የእንግሊዝኛው ዜና ማኅበሩን የሚጠራበትን አጭር ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ሳልጨነቅ “የጃፓን መናፍቃን” ብዬ ጻፍሁና ወረቀቱን ወደ እርማት ላክሁት። አራሚያችን በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ በሥራ ቤቱ ሁሉ የኔታ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው መጡና “ልጄ፣ እነዚህ ከማን የተነጠሉ መናፍቃን ናቸው?” አሉኝ። “ጃፓኖች ናቸው፣ የኔታ” ብላቸው፣ “እሱንማ አንብቤዋለሁ፤ የማንን ሃይማኖት ይዘው ኖረው ነው የናፈቁት?” አሉና መነጽራቸውን አውልቀው መልሴን መጠበቅ ጀመሩ።

መልስ አልነበረኝም። በግዕዙ ነፈቀ ከፈለ፣ ለሁለት ገመሰ ማለት ነው፤ ንፍቅ እኩሌታ ነው፤ ንፍቅ ዲያቆንንም፣ የጂኦግራፊ መምህራን ንፍቀ ክበብ የሚሉትንም ያገኘነው ከዚሁ ነው። መናፍቅ እንግዲህ በልቡ ለሁለት የተከፈለ፣ ከአንድ ሙሉ ነገር የተገመሰ ሰው ነው፤ ቃሉን የሚናገረውም በዚያ ሙሉ ነገር ውስጥ የቆመ፣ የተገመሰውን የሚያይ ሰው መሆን አለበት። በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት አርዮስን እንዲህ ቢሉት ሊቃውንት ናቸውና፣ ጉባኤያቸውም ስለዚሁ የተጠራ ነውና፣ ቃሉ በቦታው ነው፤ ዛሬም ሲኖዶስ ቢያወግዝ፣ ካህን በዐውደ ምሕረት ቆሞ ቢያስጠነቅቅ፣ ሥልጣኑ የእርሱ ነው። ጋዜጣ ግን የጉባኤ ወንበር የለውም፤ የአዲስ አበባ ተርጓሚ ደግሞ የቡድሃንና የሕንድን ትምህርት ከዮጋ ጋር ያዋሐደ የጃፓን ማኅበር ከየትኛው ሙላት እንደ ተገመሰ ሊመሰክር አይችልም።

ሌላ ቃል እንፈልግ ብለን ብንቀመጥ፣ ከቋንቋችን የሚመጣው ሁሉ ፍርዱን አዝሎ የሚመጣ ሆነ። “ባዕድ አምልኮ” ቢባል፣ ባዕድነቱ ለማን ነው? “መጤ ሃይማኖት” ቢባል፣ ማኅበሩ የተመሠረተው እዚያው ጃፓን ነው። “ሐሳዊ መሲሕ” ደግሞ የሃይማኖት ክርክር የመጨረሻው መደምደሚያ እንጂ የዜና መጀመሪያ አይደለም። ዛሬ ወጣቶቹ “ካልት” ይላሉ፤ በመሠረቱ አምልኮ ማለት ብቻ የነበረው የላቲን ቃል በእንግሊዝኛ ስድብ ሆኖ ከቆየ በኋላ በፊደላችን ተጽፎ ቢመጣም፣ ስድብነቱን እንደ ያዘ ነው። ጃፓናውያንም ራሳቸው ይህንኑ መንገድ ሄደውበታል፤ ጋዜጦቻቸው እንደ አረም ትናንት የበቀሉ የሚል ንቀት ያለበትን ስም ሲጠቀሙ ኖረው፣ የሃይማኖት ጥናት ሊቃውንቶቻቸው “አዲስ ሃይማኖት” በሚል ቀለል ያለ ስም ተኩት፤ ከመጋቢት 1987 በኋላ ግን ያው የእንግሊዝኛው ስድብ በጃፓን አጠራር ገብቶ ቤተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ በጽኑ ሊቃወመኝ ይችላል፤ ሰው የገደለን ማኅበር በስሙ መሳደብ ምን ነውር አለው፣ ለነፍሰ ገዳይ ቃል መምረጥስ ለገዳይ ማድላት አይሆንም ወይ ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለምና፣ መልሱን ከመርሕ ይልቅ ከታሪኩ ልፈልገው፤ ጃፓናውያን ጸሐፍት ስለዚህ ማኅበር ከመጋቢቱ ቀን አስቀድሞ ለስድስት ዓመታት ያህል ጽፈው ነበርና፣ ከጻፉት ውስጥ የትኛው እንደ ጠቀመና የትኛው እንዳልጠቀመ በግልጥ ይታያል።

ማኅበሩን በ1976 ዓ.ም. እንደ ዮጋ ማስተማሪያ የጀመረው ቺዙኦ ማትሱሞቶ፣ ኋላ ሾኮ አሳሃራ የተባለው፣ ዓይኑ እጅግ የደከመ ሰው ነበር። ኦም ሺንሪክዮ፣ ማለት የኦም የእውነት ትምህርት፣ የሚለው ስም በ1979 ወጣ፤ በ1981 ክረምት ደግሞ ማኅበሩ በሕግ የታወቀ የሃይማኖት ድርጅት ሆነ። በዚያው ሰሞን ልጆቻቸው ቤታቸውን ጥለው፣ ገንዘባቸውን ለማኅበሩ ሰጥተው የመነኑባቸው ወላጆች አቤቱታ ማሰማት ያዙ። በመስከረም 1982 ሳንዴይ ማይኒቺ የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት አቤቱታውን በተከታታይ ማውጣት ሲጀምር፣ ለተከታታዩ ጽሑፍ የሰጠው ርእስ “የኦም ሺንሪክዮ እብደት” የሚል ነበር። ከርእሱ ሥር የነበረው ጉዳይ እውነተኛ አቤቱታ ነበር፤ ርእሱ ግን ማኅበሩ የሚፈልገውን መሣሪያ በእጁ ሰጠው፤ ተከታዮቹ ስለ ወላጆቹ ጥያቄ መልስ መስጠት ትተው ስለ ስድቡ ተነሡ፣ ስደት ደረሰብን ብለው በራሪ ወረቀት በተኑ፤ ክርክሩም ስለ ልጆቹና ስለ ገንዘቡ መሆኑ ቀርቶ ስለ አንድ ቃል ሆነ።

በዚያው ሰሞን ዮኮሃማ ውስጥ ጹጹሚ ሳካሞቶ የሚባል ጠበቃ ለወላጆቹ ቆሞ ነበር፤ የዚህ ሰው አሠራር ለእኔ ከመጽሔቱ ርእስ ይልቅ የሚያስተምር ሆኖ ይታየኛል። ማኅበሩ የአሳሃራን ደም በአንድ ሚሊዮን የን ለተከታዮች ያጠጣ ነበር፤ ደሙ ልዩ ኃይል እንዳለው የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ መርምሮ አረጋግጧል ሲልም ያስተምር ነበር። ሳካሞቶ አሳሃራን አታላይ ነው ብሎ አልተነሣም፤ ደም መጠጣት ርኩሰት ነው ብሎም አልሰበከም፤ ዩኒቨርሲቲውን ጠየቀ። እንዲህ ያለ ምርመራ አልተደረገም የሚል መልስ መጣ። ይህች አንዲት መልስ ስለ እምነቱ አንዳች አትናገርም፤ የአሳሃራ ደም ቅዱስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ማመኑን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ማኅበሩ ሊያስተባብላት የማይችላት፣ ስደት ነው ብሎም የማይሸሻት መልስ ነበረች።

ቲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጠበቃውን አነጋግሮ ቃሉን ቀረጸ። ጥቅምት 16 ቀን የማኅበሩ ሰዎች ወደ ጣቢያው ሄደው ሲከራከሩ፣ የጣቢያው ሠራተኞች ገና ያልተላለፈውን ቅጂ አሳዩአቸው፤ ስርጭቱም ቀረ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 25 ሊነጋጋ ሲል፣ የማኅበሩ ሰዎች በጠበቃው ቤት ገብተው እርሱንና ሚስቱን የአንድ ዓመት ሕፃናቸውንም ገደሉ። ቤቱ ውስጥ የማኅበሩ ምልክት ያለበት የደረት ዓርማ ወድቆ ተገኘ፤ ሆኖም ፖሊስ ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ የጠፉ ሰዎች ጉዳይ አድርጎ ያዘው፤ አስከሬኖቹም የተገኙት ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጣቢያው ቅጂውን ማሳየቱን ያመነው በመጋቢት 1988 ዓ.ም. ነበር። ስድብ የተጻፈበት መጽሔት በየኪዮስኩ ተሽጧል፤ እውነቱን የያዘው ቅጂ ግን ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ለገዳዮቹ ታየ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሳቅ ነው። በየካቲት 1982 አሳሃራ ከ24 ተከታዮቹ ጋር ለፓርላማ ተወዳደረ፤ ደጋፊዎቹ የእርሱን ፊት የሚመስል ጭምብል አጥልቀው በየመንገዱ ዘፈኑ፤ ቴሌቪዥኑም በዚህ ተዝናና፤ አንድም ሰው ሳይመረጥ ቀረ። ከዚያም በኋላ በመዝናኛ ዝግጅቶች ላይ እንግዳ ሆኖ የቀረበበት ጊዜ ነበረ። “እብድ” ሲባል የኖረው ሰው ወደ “አስቂኝ” ለመሻገር ብዙ አልተቸገረም፤ ሁለቱም ስሞች በጓዳው የሚሠራውን ለመጠየቅ ምክንያት አይሰጡምና።

ሰኔ 20 ቀን 1986 በማትሱሞቶ ከተማ ሌሊት ሳሪን ተረጨ። ማኅበሩ በዚያች ከተማ በመሬት ጉዳይ ይከሰስ ነበርና፣ የተነጣጠረው ዳኞቹ በሚኖሩበት ሰፈር ላይ ነበር። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ የስምንተኛዋ ሞት ከዓመታት በኋላ ተጨመረ። ጋዜጦቹና ፖሊሱ ግን ጣታቸውን የቀሰሩት አደጋውን መጀመሪያ በስልክ ባመለከተው የሰፈሩ ነዋሪ ላይ ነው፤ በቤቱ አንዳንድ ኬሚካል ተገኝቶ ነበርና፣ ሚስቱ ራሷን ስታ በሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ እርሱ በየገጹ ተጠርጣሪ ሆኖ ከረመ። ጋዜጦቹ ይቅርታ የጠየቁት በሚቀጥለው ዓመት ነው። የስም ማጥፋት ዕዳ ሁልጊዜ በአዳዲስ ሃይማኖቶች ላይ ብቻ እንደማይወድቅ ይህ ያሳያል።

አሁን ደግሞ ለተቃራኒው ስሕተት ቦታ ልስጥ፤ ስድብን የሸሸ ጸሐፊ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነውና። ታኅሣሥ 23 ቀን 1987 ዮሚዩሪ ጋዜጣ፣ ማኅበሩ በሚገኝባት በካሚኩይሺኪ መንደር አፈር ውስጥ የሳሪን ቅሪት መገኘቱን ጻፈ፤ ማኅበሩ በበኩሉ በመርዝ የተጠቃሁት እኔ ነኝ አለ። በመንደሯ ሳትያን ሰባት የሚባል ሕንጻ ነበረ፤ ከፊቱ ትልቅ ጣዖት፣ ይቅርታ፣ ትልቅ የአምልኮ ምስል የቆመበት፣ ከጀርባው ግን የሳሪን ፋብሪካ የነበረ ቤት ነው። አንድ የታወቀ ጃፓናዊ የሃይማኖት ጥናት ምሁር ሕንጻውን ጎብኝቶ የአምልኮ ቦታ እንደ ሆነ ጻፈ፤ ኋላም በዚህ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ወንበሩን ለቀቀ። በሚያዝያ 1987፣ ከቶኪዮው ግድያ በኋላ፣ ጥቂት አሜሪካውያን ወጪያቸውን ማኅበሩ ችሎላቸው ወደ ጃፓን ሄደው፣ የሃይማኖት ነጻነት እየተጣሰ እንዳይሆን ስጋታቸውን ተናገሩ፤ ማኅበሩም ያን መርዝ ሊሠራ እንደማይችል የሚያምኑ መሆናቸውን ገለጹ። እነዚህ ሰዎች ክፉ ቃል አልተጠቀሙም፤ ቃላቸው ሁሉ የተመዘነ ነበር። የጎደላቸው ቃል ሳይሆን ምርመራ ነበር፤ የተነገራቸውን ጻፉ እንጂ በሩን አልከፈቱም።

እንግዲህ ሳካሞቶና ዮሚዩሪ የሠሩት፣ መጽሔቱና ምሁራኑ ያልሠሩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሌላ ሰው ሄዶ ሊያጣራው የሚችለውን ነገር ፈልገው ማግኘታቸው ነው። ሚዛናዊነት በእኔ አስተያየት ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። “ጭንቅላታቸውን አጥቧቸዋል” ብሎ የሚጽፍ ሰው ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ ይነሣል፤ ቃሉን የተከለከለ ሰው ግን ምን እንደ ተደረገ ለመጠየቅ ይገደዳል፤ ሲጠይቅም በኦም ውስጥ ሰዎች እንቅልፍ ይነፈጉ እንደ ነበር፣ ለብቻቸው ይዘጋባቸው እንደ ነበር፣ ከቤተ ሰብ እንዲለዩ ይደረግ እንደ ነበር፣ በ1986 ዓ.ም. ገደማም በምሥጢር ማስገቢያ ሥርዓት ስም ኤል ኤስ ዲ የተባለው የሚያነሆልል መድኃኒት ይሰጣቸው እንደ ነበር ያገኛል። ከ“መታጠብ” ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ በፍርድ ቤትም ይቆማል።

የማኅበሩ የራሱ ቃላትም ያለ ምርመራ ሊገቡ አይገባም። ፖዋ የሚባለው በቲቤት ቡድሂዝም ነፍስን በሞት ጊዜ ወደ ላቀ ስፍራ የማሻገር ሥርዓት ነው፤ አሳሃራ ግን ቃሉን ለመግደል ተጠቀመበት። ጸሐፊ “ሳካሞቶን ፖዋ አደረጉት” ብሎ ቢጽፍ የወንጀለኛውን ቋንቋ ተውሷል፤ “አራዊት አረዱት” ቢልም የከሳሹን። “ገደሉት፤ መግደላቸውን ፖዋ ይሉት ነበር” ሲል ግን ሁለቱንም ነገር፣ የተደረገውንና አድራጊዎቹ ለራሳቸው የሰጡትን ምክንያት፣ በየቦታቸው ያኖራል፤ አንባቢውም ሃይማኖተኛ ሰዎች ሕፃን እንዴት ሊገድሉ እንደ ቻሉ የሚረዳበት ጭላንጭል ያገኛል።

ወደ ቋንቋችን ልመለስና፣ በአማርኛ ብቻ የሚያጋጥም አንድ ችግር ላንሣ። እኛ ሰውን ስንጠራ ግሡ ራሱ ፍርድ ይሰጣል። የፓትርያርኩን ቃል ስንጽፍ “አሉ” እንላለን፤ የአንድ አዲስ ማኅበር መሥራች ሲናገር ግን፣ ገና ወንጀል ሳይሠራ፣ ወዳጅም ጠላትም ሳናነጋግር፣ ብዕራችን “አለ” ብሎ ያልፋል። መሥራቹ ስድሳ ዓመት ቢሞላውም እንኳ “እሱ” ነው። ጸሐፊው መናፍቅ የሚለውን ቃል ቢሰርዝ እንኳ፣ በዚያች በአንዲት ቀለም ፍርዱ ተመልሶ ይገባል። እኔ በዚህ ሐተታ አሳሃራንም ጠበቃውንም “አለ” ስል የመጣሁት በማወቅ ነው፤ ለሟቹ ጠበቃ አንቱታው ይገባው ነበርና ስጽፈው ቅር እያለኝ ነው የጻፍሁት። የሚከበረውን ሁሉ ማክበር፣ ወይም ሁሉንም እንደ ታሪክ ሰው በነጠላ መጥራት፣ ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ ከፍሎ መጥራት ግን አያስኬድም።

ሁለተኛው የእኛ ችግር “ተብሏል” ነው። “ማኅበሩ የምእመናኑን ንብረት ይወስዳል ተብሏል፤” “መሪው ሴቶችን ያስነውራል ተብሎ ይታማል።” ማን አለ? ንብረቱን የሰጠችው ሴት ናት፣ ወይስ ከማኅበሩ የወጣ ሰው፣ ወይስ የተቀናቃኝ ቤተ እምነት ሰባኪ፣ ወይስ የፍርድ ቤት ውሳኔ? አራቱም ሊጻፉ ይገባቸዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል ግን አይደለም። የወጣ ሰው ከሁሉ የሚሻል ምስክር ነው፣ ውስጡን አይቷልና፤ ቂምም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ መቼ እንደ ገባ፣ መቼ እንደ ወጣ፣ ምን በዓይኑ እንዳየና ምን እንደ ሰማ ለይቶ መጻፍ ነው። “ተብሏል” ይህን ሁሉ ልዩነት ይውጠዋል፤ ጸሐፊውን ከክስ የሚያድነው መስሎት ይጠቀምበታል፤ ስም ለማጥፋት ግን ከስድብ ያነሰ አይደለም።

ከመጋቢት 11 ቀን 1987 ሁለት ቀን በኋላ ፖሊሶች የመርዝ ጭንብል አጥልቀው፣ በጎጆ ያለች ካናሪ ወፍ ከፊት እያስቀደሙ ወደ ካሚኩይሺኪ ገቡ። ወደ 190 የሚጠጉ ሰዎች ተከሰሱ፤ 13ቱ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው አሳሃራን ጨምሮ በ2010 ዓ.ም. ተሰቀሉ። በጊዜው ማኅበሩ በጃፓን ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ተከታይ ነበረው፤ አብዛኞቹ ስለ ሳሪኑ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ማኅበሩ ስሙን አሌፍ ብሎ ለወጠ፤ ከእርሱም ሌላ ቡድን ተከፈለ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ በመንግሥት ክትትል ሥር ናቸው፤ ክትትሉም ምክንያት አለው፤ አሌፍ የአሳሃራን ትምህርት አልተወምና። በሌላ በኩል ደግሞ ብዙ የከተማ አስተዳደሮች ተከታዮቹን በነዋሪነት አንመዘግብም ብለው ነበር፤ ፍርድ ቤቶች ግን ይህን ሕገ ወጥ አሉት። ሁለቱም እውነት ነው፤ በአንድ ዐንቀጽም ሊጻፍ ይችላል።

ያን ቀን የኔታ “መናፍቃን” የሚለውን በቀይ ሰርዘው፣ “ኦም ሺንሪክዮ የተባለ፣ በጃፓን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተመሠረተ የሃይማኖት ማኅበር” ብለው ጻፉበትና፣ ከዚያ በታች የነበሩትን ሦስት “ተብሏል” ከብበው “ማን?” የሚል ምልክት አኖሩባቸው። ለሁለቱ መልስ አገኘን፤ ሦስተኛውን አወጣነው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህም ጋዜጣ ቢሆን ስለ ማንኛውም ቤተ እምነት፣ ስለ አዲሱም ስለ ጥንቱም፣ ባለቤት የሌለው “ተብሏል” ያገኘህ እንደ ሆነ፣ እባክህ ከብበህ ላክልን።